የአንዱ ዕድል፣ የሁለቱ ጓዝ

ባልና ሚስት ሁለቱም የየራሳቸው ሙያ ባላቸው ቤት ለአንዳቸው ከሌላ ከተማ የሥራ ጥሪ ሲመጣ፣ የሚወሰነው ጉዳይ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ ሥራው ይበጃል ወይ የሚለው ነው። ሌላው ያልተጠራው ሰው ሙያ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ደብዳቤ አለ፤ ደመወዙ ተጽፏል፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ተቆርጧል፣ መልስ የሚጠብቅ ቀጣሪም አለ። ለሁለተኛው ወረቀትም የለ፣ ቀጠሮም የለ። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን በአንድ ሳምንት ወስኖ ሁለተኛውን «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ብሎ ያሳድረዋል። ከዓመት በኋላ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚነሳው ከዚሁ ካደረ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን በምጣኔ ሀብት ዓይን አጥርተው ካዩት ቀዳሚዎች አንዱ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጄኮብ ሚንሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቤተሰብ ቦታ ሲለቅ የሚያየው የእያንዳንዱን ሰው ጥቅም ለየብቻ ሳይሆን ድምሩን ነው። የአንዱ ትርፍ ከሌላው ኪሳራ ከበለጠ መሄድ ያዋጣል፤ ካነሰ መቅረት ይሻላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ብቻውን ቢሆን የማይሄድ ሰው ተጎትቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ደግሞ ብቻውን ቢሆን የሚሄድ ሰው ታስሮ ይቀራል። የሚጎዳው ሁልጊዜ የሚከተለው ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ለትዳሩ ሲል ጥሪውን የመለሰውም ሰው ኪሳራ አለበት፤ የእርሱ ኪሳራ ግን ስለማይታይ ማንም አይቆጥረውም።

የድምሩ ሒሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ተጎትቶ የሄደው ሰው በአዲሱ ከተማ ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ ይጀምራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ጥሪ ሲመጣ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል፤ አሁን ግን የአንዱ ደመወዝ ወጥቷል፣ የሌላው ወርዷል። ስለዚህ ድምሩ ከበፊቱ ይበልጥ ለዚያው ሰው ያደላል። ማንም ማንንም ሳይበድል፣ እያንዳንዱ ውሳኔ በጊዜው ትክክል እየሆነ፣ አሥር ዓመት ሲሞላ አንዱ ሙያ ሽቅብ ወጥቶ ሌላው የቤት ወጪ መደጎሚያ ሆኖ ይገኛል። ሼሊ ላንድበርግና ሮበርት ፖላክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ችግሩን ከሌላ ጎን አሳይተዋል፤ ተጠቃሚው ወገን «በሚቀጥለው ተራው ያንተ ነው» ብሎ ቢምልም፣ ጓዙ ከተጫነ በኋላ ቃሉን የሚያስጠብቅ ምንም ነገር የለም። በጀርመንና በስዊድን የገቢ መዝገቦች ላይ የተሠራ የቅርብ ጊዜ ጥናት ደግሞ ጥንዶች ቦታ ሲቀይሩ የወንዱ ገቢ ከሴቷ ይበልጥ እንደሚያድግ አግኝቷል። አድልዎው ፆታ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ሕግ ጥያቄው የተመለሰው በሁለት ደረጃ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ መኖሪያቸውን ባልና ሚስቱ ተስማምተው እንዲወስኑ አደረገ። ሕጉ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ ያወጡም ብዙዎች ናቸው። በዚሁ በ1992ቱ ሕግ ተጋቢዎች ተስማምተው ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው መኖር ይፈቀድላቸዋል። አንዳቸው ሐሳባቸውን ቢለውጡ፣ በዘፈቀደ እስካልሆነ ድረስ፣ ስምምነቱን ማንሳት ይችላሉ። በግል ጥረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። የሚስት ደመወዝ ሲያድግ ጭማሪው በሕግ የባልም ነው። ሕጉ የሚያካፍለው ግን ገንዘቡን ብቻ ነው፤ የተቋረጠ የሥራ ልምድን፣ ያመለጠ የደረጃ ዕድገትን፣ የተበተነ የደንበኛና የባልደረባ ትውውቅን የሚያካፍል አንቀጽ የለም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይተካባቸዋል። ሚስት በአዲስ አበባ በአንድ የግንባታ አማካሪ ድርጅት የሲቪል መሐንዲስ ናት፤ በወር ተጣርቶ 28 ሺህ ብር ይደርሳታል። ባል በግል ኩባንያ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ 32 ሺህ ይደርሰዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ለቤት ኪራይ 18 ሺህ ይከፍላሉ። ሚስት ሐዋሳ ላይ በሦስት ዓመት ኮንትራት የፕሮጀክት አስተባባሪ እንድትሆን ተጠርታለች፤ የተጣራ ደመወዟ 46 ሺህ ይሆናል። የ18 ሺህ ጭማሪ ነው፤ ወሬው እንደተሰማ ዘመድ ሁሉ እልል የሚልበት ዓይነት።

በመጀመሪያ አንድ የተደበቀ ነገር መፈተሽ አለበት፤ አበል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለመስክ የሚወጣ መሐንዲስ የውሎ አበል ይከፈለዋል። የሥራ ቦታው ራሱ ሐዋሳ ሲሆን ግን ሐዋሳ መዋል መስክ መውጣት መሆኑ ይቀርና አበሉም ይቆማል። የምሳሌያችን ሚስት እስካሁን በወር በአማካይ 5 ሺህ ብር አበል ታገኝ ከነበረ እውነተኛው ጭማሪ 13 ሺህ ነው። ለቀላልነት ሲባል ከዚህ በታች አበል እንዳልነበራት ተቆጥሯል፤ በተግባር ግን የደመወዝ ደብዳቤን ከደመወዝ ደብዳቤ ጋር ብቻ ማስተያየት ብዙዎችን አሳስቷል።

የመጀመሪያው አማራጭ ቤተሰቡ ባንዴ ጠቅልሎ መሄዱ ነው። ባል ሥራ ለቆ ሐዋሳ ገብቶ ይፈልጋል። ስድስት ወር ቢወስድበትና 22 ሺህ የተጣራ ቢያገኝ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሚስት 552 ሺህ፣ ባል 132 ሺህ፣ በድምሩ 684 ሺህ ያስገባሉ። የሐዋሳው ኪራይ 11 ሺህ ቢሆን በዓመት 132 ሺህ ነው። አይሱዙው፣ ደላላው፣ የልጆች ምዝገባና አዲስ ዩኒፎርም፣ ለአዲሱ ቤት የሚጎድለው ዕቃ ተደምሮ 90 ሺህ ቢፈጅ፣ የሚተርፋቸው 462 ሺህ ነው። አዲስ አበባ ቢቀመጡ ኖሮ ከ720 ሺህ ገቢ 216 ሺህ ኪራይ ተቀንሶ 504 ሺህ ይተርፋቸው ነበር። በወር 18 ሺህ የሚጨምር ሥራ ይዘው በመጀመሪያው ዓመት 42 ሺህ ይከስራሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ግን ሁለቱም ስለሚሠሩ በየዓመቱ 180 ሺህ ያተርፋሉ። የሦስቱ ዓመት ድምር 318 ሺህ ትርፍ ነው።

ይህ ሒሳብ ግን አንድ ሰው ረስቷል፤ አያትን። አዲስ አበባ ላይ የባል እናት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ መክሰስ አብልተው፣ እስከ ማታ ይጠብቋቸዋል። ማንም አይከፍላቸውም፤ ስለዚህ በየትኛውም የወጪ ዝርዝር ላይ አይገኙም። ሐዋሳ ላይ ባል ሥራ ከጀመረ በኋላ ያንን ሰዓት የሚሸፍን ሰው በወር በ7 ሺህ ብር መቅጠር ግድ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት 42 ሺህ፣ በቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት 84፣ 84 ሺህ ይወጣል። 318 ሺህ የነበረው ትርፍ 108 ሺህ ይሆናል። ይህ በወር 3 ሺህ ብር ነው። በዚሁ ሦስት ዓመት ባል ለብቻው ሲታይ 1 ሚሊዮን 152 ሺህ ያገኝ የነበረው 660 ሺህ አግኝቷል፤ 492 ሺህ ብር አጥቷል። ኮንትራቱ አልቆ አዲስ አበባ ሲመለሱም ቀጣሪ የሚጠይቀው «የመጨረሻ ደመወዝህ ስንት ነበር?» ብሎ ነው፤ መልሱ 22 ሺህ ነው። ተጎትቶ መሄድ ሲባል በቁጥር ይህን ይመስላል።

ሁለተኛው አማራጭ ሚስት ብቻዋን መሄዷ ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ክፍል በ6 ሺህ ትከራያለች፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በወር ሁለት ጊዜ ለመመላለስ 6 ሺህ ያስፈልጋታል፤ አያት ማታና ሌሊቱን ስለማይችሉት ለተጨማሪ ሠራተኛ 7 ሺህ፣ ሁለት ማዕድ ለማቆም 4 ሺህ ይወጣል። ተደምሮ 23 ሺህ ነው። ጭማሪው 18 ሺህ ነበር። በወር 5 ሺህ፣ በሦስት ዓመት 180 ሺህ ብር ይከስራሉ። የባል ሙያ ግን አይነካም። ከመጀመሪያው አማራጭ ጋር ያለው ልዩነት 288 ሺህ ብር ነው። የባልን የሙያ መንገድ ሳይሰብሩ ለማቆየት ቤቱ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ጥንዶቹ ብቻ ይመልሱታል። ልጆች እናታቸውን በወር አራት ቀን ሲያዩ መኖራቸው ደግሞ በብር አልተቆጠረም።

ሦስተኛው አማራጭ የመለማመጃ ሥራው እስኪወጣለት መጠበቅ ነው፤ ማለትም ሙከራው እስኪያልቅ አንዱ ቀድሞ መሄዱ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ቀጣሪው ሠራተኛውን ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል። ቤት አስለቅቆ፣ የባልን ሥራ አስትቶ፣ ልጆችን ከትምህርት አቋርጦ በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሥራ መጫን ትልቅ ቁማር ነው። ጥሪው የካቲት ላይ መጥቶ ሚስት መጋቢት 1 ብትጀምር ሙከራው ግንቦት ውስጥ ያልቃል። ሰኔ ላይ የትምህርት ዘመኑ ይዘጋል። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ መስጠት ያለበት ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ስለሆነ ባል በግንቦት መጨረሻ ደብዳቤውን አስገብቶ ሰኔን እየሠራ ሥራውን በሥርዓት ያስረክባል። ጓዝ የሚጫነው ሐምሌ ላይ ነው።

በእነዚህ አራት ወራት ባል ደመወዙን እየበላ ሐዋሳ ላይ ሥራ ይፈልጋል፤ ሚስት እዚያው ስላለች ማስታወቂያ ታያለች፣ ሰው ትጠይቃለች፣ ሲቪ ታደርስለታለች። ከጉዞው በኋላ ሥራ ፈትቶ የሚቆየው ሁለት ወር ብቻ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ባንዴ ጠቅልሎ ከመሄድ የሚበልጠው በ8 ሺህ ብር ገደማ ብቻ ነው። በገንዘብ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፤ የሚስት ሥራ ሙከራው ላይ ቢቀር ቤቱም፣ የባል ሥራም፣ የልጆቹ ክፍልም በቦታቸው አሉ። በዚህ ምሳሌ ከሦስቱ ብልኅ የሆነው ይኼኛው ነው።

ሒሳቡ ውስጥ ከሁሉ የሚያጠራጥረው ቁጥር ባል ሐዋሳ ላይ ሥራ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። ስድስት ወር ተባለ እንጂ አሥራ ስድስት ሊሆን ይችላል። ይህን በግምት መተው አይገባም። የከተማው ውበትና የኑሮው ርካሽነት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆኑም፤ መታየት ያለበት ያንን ሙያ የሚቀጥር ስንት ቦታ አለ የሚለው ነው። የሒሳብ ባለሙያ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆቴል፣ እርዳታ ድርጅት፣ ፋብሪካ ውስጥ ሊቀጠር ይችላል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሄድበት የለውም ማለት ይቻላል። ቀጣሪ ማለትም በሩ ላይ ስም የለጠፈ ሁሉ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ የያዘ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትወጣ የነበረውን መንገጫገጭ ያየ ሰው አንድ ትልቅ ቀጣሪ ላይ ብቻ ተስፋ አይጥልም። ቀላሉ መፈተሻ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያ ሙያ በዚያ ከተማ የወጡ ማስታወቂያዎችን መቁጠርና ቢያንስ ለሦስቱ ማመልከት ነው። ለቃለ መጠይቅ እንኳ የጠራ ከሌለ፣ ስድስት ወር የሚለው ግምት ምኞት ነበር ማለት ነው።

ሁለት የተማሩ ሰዎች በትልቅ ከተማ የሚሰበሰቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዶራ ኮስታና ማቲው ካን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ባልም ሚስትም የኮሌጅ ምሩቅ ከሆኑባቸው ጥንዶች በትልልቅ ከተሞች አካባቢ የሚኖሩት በ1940 32 በመቶ፣ በ1990 ግን 50 በመቶ እንደነበሩ አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ ዋናው ብለው ያነሱት ትልቅ ከተማ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ሥራ የማስገኘት ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ነው። አዲስ አበባን የለቀቀ ጥንድ የሚያጣው ይህንኑ ስፋት ነው።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ጠባብ መስኮት አለ፤ ቀጣሪው «መርጠንሻል» ካለበት እስከ ፊርማው ያለው ጥቂት ቀን። ከዚያ በፊት መደራደሪያ የለም፤ ከዚያ በኋላም የለም። ብዙ ሰው በዚህ መስኮት የሚጠይቀው ደመወዝ ብቻ ነው። ለሁለት ባለሙያ ቤት ግን ከሁለት ሺህ ብር ጭማሪ የሚሻሉ ነገሮች አሉ። የጓዝ ማጓጓዣ ወጪን ድርጅቱ እንዲሸፍን፣ በሙከራው ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከቀትር በኋላ መውጣት እንዲፈቀድ፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ ሠራተኛዋ ወደ ዋናው ቢሮ የመመለስ ዕድል እንዳላት ተጽፎ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። የመጨረሻው በተለይ ለኮንትራት ሥራ ዋጋ አለው። በቃል «ችግር የለም» የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የሚደራደረው የተጠራው ሰው ብቻ አይደለም። ባልም ወደ ራሱ አለቃ መሄድ አለበት፤ ያውም ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት። ኩባንያው ሐዋሳ ቅርንጫፍ ካለው ዝውውር፣ ከሌለው ደግሞ ወርኃዊ መዝገቡን ከርቀት እየሠራ በግማሽ ደመወዝ ለጥቂት ወራት መቆየት፣ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ቦታውን ያቆይለታል፤ ቤቱን ግን ምንም አያስገባለትም። በመምህራንና በጤና ባለሙያዎች ዘንድ መንገዱ ትንሽ የተለየ ነው፤ የትዳር ጓደኛ ባለበት ቦታ ለመሥራት ዝውውር መጠየቅ የታወቀ አሠራር ሲሆን የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የትዳር ጓደኛው የሥራ ቦታ ማስረጃ ይጠየቃል። ምደባው ግን ክፍት ቦታ መኖሩን ይጠብቃል፤ የመምህራን ዝውውርም አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ስለሚሠራ ማመልከቻው ከወራት በፊት መግባት አለበት።

ጥሪው ከውጭ አገር ሲሆን ከደመወዝ በፊት የሚነበበው ቪዛው ነው፤ ምክንያቱም የሁለተኛው ሰው ሙያ በቪዛው ዓይነት ይወሰናል። አሜሪካ ለትምህርት የሄደ ሰው የኤፍ 1 ቪዛ ይዞ ባለቤቱን በኤፍ 2 ቢያስከትል፣ የተከተለው ሰው መሥራት አይችልም፤ ሙሉ ጊዜውን መማርም አይፈቀድለትም። ያው ሰው በልውውጥ ፕሮግራም በጄ 1 ቢሄድ ግን ባለቤቱ በጄ 2 ገብቶ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ቢችልም። በአንጻሩ ጄ 1 አንዳንዶችን ሁለት ዓመት አገራቸው ተመልሰው እንዲቀመጡ ያስገድዳል፤ ግዴታው የተከተለውንም ሰው ይይዛል። በኤች 1 ቢ ለሥራ የሄደ ሰው ባለቤት ደግሞ የሥራ ፈቃድ ማግኘት የሚችለው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ያውም ሠራተኛው ወደ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ በሚወስደው ሂደት ላይ የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ብቻ ነው። እንግሊዝ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ክፍል ለሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት የሚመጡ ተማሪዎች ቤተሰብ እንዳያስከትሉ ከልክላለች፤ ለዶክትሬት የሚመጡት ይችላሉ። ጀርመን በበኩሏ በቤተሰብ ቪዛ የገባን የትዳር ጓደኛ ወዲያው ሥራ እንዲይዝ ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን በአብዛኛው ከጉዞው በፊት የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ታስፈትናለች።

ሁለት የትምህርት ዕድል ለያዘ ሰው ይህ ልዩነት ከገንዘቡ መጠን ሊበልጥ ይችላል። በወር ጥቂት መቶ ዶላር የሚያንስ ነገር ግን ለተከታዩ ሥራ የሚፈቅድ ዕድል፣ ከፍ ያለ ክፍያ ኖሮት ሁለተኛውን ሰው አምስት ዓመት ቤት ከሚያስቀምጥ ዕድል ይሻላል። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ከሆነ ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ብቻ አይበቃውም፤ የአገሩን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጡም አዲስ አበባ ሆኖ ቢጀመር ይቀላል። የቪዛ ደንብ ስለሚቀያየር የኤምባሲው መግለጫ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት እንደገና መነበብ አለበት።

ስምምነቱ በቃል ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከላይ ታይቷል። መፍትሔው «በሚቀጥለው ተራው ያንተ ነው» የሚለውን የሩቅ ተስፋ ዛሬ በሚፈጸም ነገር መተካት ነው። በምሳሌያችን ቤት ከ18 ሺህ ጭማሪው በየወሩ 4 ሺህ ብር በባል ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ቢገባ በሦስት ዓመት 144 ሺህ ይሆናል። ያንን የኤሲሲኤ ፈተናዎችን ለመክፈል ቢያውለው፣ አዲስ አበባ ሲመለስ ከደመወዙ ዝቅታ ጎን የሚያሳየው አዲስ ማስረጃ ይኖረዋል። በሕግ የጋራ ገንዘብ ስለሆነ ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት የሚለው ለውጥ የለውም፤ የሚጠቅመው ግን የተቆጠረ፣ በየወሩ የሚታይ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሳይገባ ሁለት ወር ካለፈ ስምምነቱ እየላላ መሆኑን ያኔውኑ ማየት ይቻላል።

በኢንሲያድ የንግድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ጄኒፈር ፔትሪግሊየሪ ከ100 በላይ ጥንዶችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጥንዶች ገደባቸውን ጥሪ ሳይመጣ በፊት እንዲነጋገሩበት ይመክራሉ፤ የት የት መኖር ይቻላል፣ ተለያይቶ መኖር እስከ ስንት ጊዜ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ሥራ። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ጥቅሙ ግን ደብዳቤው እጅ ላይ ሲሆን ይታያል፤ አንዱ «ድሬዳዋ አልሄድም» ሲል ያኛው ምቀኝነት አድርጎ እንዳይሰማው፣ ከዓመት በፊት የተባለ ነገር መሆኑ ይታወቃል።

ከሄዱ በኋላ ነገሩ እየተበላሸ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ከጠብ ቀድመው ይመጣሉ። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ መላክ ያቆማል፤ ሲጠየቅም «ምን አለ ብለሽ ነው» ይላል። ተለያይተው የሚኖሩት ደግሞ በሁለት ሳምንት የነበረው ጉዞ በወር፣ ከዚያ በበዓል ብቻ ይሆናል፤ ወጪው ሲቀንስ ደስ ይላል፤ ቤቱ ግን እየራቀ ነው። «ቤታችን» የሚለው ቃል «እዚያ ቤት» ወደሚል ሲቀየር ልጆች ከወላጆች ቀድመው ይሰሙታል። ስለዚህ የመገምገሚያ ቀን በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ መቆረጥ አለበት፤ ለምሳሌ በስድስተኛው ወርና በአሥራ ስምንተኛው ወር። በዚያ ቀን የሚጠየቀው «ደስ ብሎሃል ወይ» ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ነው፤ ስንት ቦታ ተመለከተ፣ ስንቱ መለሰ፣ ስንት ብር ተቀመጠ። በአሥራ ስምንተኛው ወር ሁለተኛው ሰው ሥራ ካላገኘ እርሱ ቀድሞ አዲስ አበባ እንዲመለስ ወይም ሚስት ከኮንትራቱ ማብቂያ በፊት እንድትፈልግ፣ ሁለቱ ገና ሲስማሙ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል።

ከጉዞው በፊት የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። የራሳቸው ቤት ያላቸው ጥንዶች ቤቱን ሲያከራዩ፣ ሲሸጡ ወይም ሲያስይዙ በ1992ቱ ሕግ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ርቆ የሚኖር ከሆነ ሳይሄድ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ለሌላው ውክልና መስጠቱ የኋላ ጣጣን ያስቀራል፤ ከውጭ አገር ሆኖ በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ቢቻልም ጊዜና ምልልስ አለው። ውክልናው የሚሰጠው ለምን ለምን እንደሆነ መዘርዘር አለበት፤ ለማከራየት የተሰጠ ውክልና ለመሸጥ አይሆንም። ሁለቱም ከቀድሞ ቀጣሪያቸው የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ማስረጃ ጭምር፣ በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ሥራ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል፤ በዚህኛው ዙር ማስታወቂያ መታየት የሚጀምረው ከባል ነው፤ የምትመለስበት ከተማ የሚመረጠውም መጀመሪያ ለእርሱ በተገኘው ቦታ ነው።